ከኖራው መስመር ወዲህ

በሰኔ ወር ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ በሚሠራው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ የቁፋሮው ኃላፊነት ከሲሃም ወደ ሄቨን ተዛወረ። ሲሃም ወደ ሶሌታው፣ ወደ ፎቁ ወለል ሙሌት ሥራ ወጣች፤ ሄቨን ወደ ቦዩ ወረደች። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢብራር ይህን የተናገረው በቆርቆሮው ቢሮ ደጃፍ ቆሞ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ የዕለቱን ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው ነበር። ማንንም አላሞገሰም፤ ማንንም አልነቀፈም። ሲሃምም «እሺ» አለች።

ሶሌታ ከቦይ እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቃል። ፎቅ ላይ የሚሞላ ኮንክሪት ከመንገድ ይታያል፤ መሬት ውስጥ የሚቀበር ቱቦን ግን የቀበረው ሰው እንኳ ይረሳዋል። ስለዚህ ዜናውን የሰሙ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። እሷም አመሰገነች። ደስ ያላላት ለምን እንደሆነ ለራሷም ቢሆን በግልጽ ለመናገር ጥቂት ቀናት ፈጅቶባታል።

ቦዩ የሕንፃውን ፍሳሽ በመንገዱ ሥር ከሚያልፈው ዋና መስመር ጋር የሚያገናኝ ነው። በጓሮው የቆርቆሮ አጥር ጥጉን ይዞ ይሄዳል፤ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንዲህ ባለ ቦይ ውስጥ የቆመ ሰው ከራሱ በላይ ያለው አፈር ምን እየሆነ እንደሆነ ሊያይ አይችልም፤ ሌላ ሰው ከላይ ሆኖ ሊያይለት ይገባል። ያ ሌላ ሰው ሲሃም ነበረች። በየማለዳው ከሠራተኞቹ ቀድማ ትደርስና የቦዩን አፍ ተከትላ እየሄደች የተሰነጠቀ መሬት፣ ያላበ ግድግዳ፣ ከቦታው ያፈነገጠ እንጨት መኖር አለመኖሩን ትመረምራለች። ዝናብ ከጣለ፣ ካባራ በኋላ እንደገና ትዞራለች። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቋታል። በመጨረሻ «ግቡ» ትላለች፤ ይገባሉ። ሙሉ ቀን የምትናገረው ሌላው ነገር ሁሉ ሊታለፍ፣ ሊረሳ፣ በቀልድ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ያቺን ቃል ግን ሳይሰማ መሰላሉን የሚረግጥ ሰው አልነበረም። ሲሃም ያጣችው ይህንን ነበር። በሳይቱ ላይ ይህን የተረዳላት ሰው ደግሞ አልነበረም።

ሄቨን የሳንሱሲ ልጅ ናት፤ ከሲሃም በጥቂት ዓመት ታንሳለች። የማታውቀውን ነገር ስትጠይቅ አታፍርም፤ ስትስቅም ድምፅዋን አትቀንስም። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን የቆፋሪዎቹን አለቃ ጋሽ ወዬሳንና ሰዎቻቸውን በቦዩ ዳር ሰብስባ፣ ከቁፋሮው የወጣ ድፍን የአፈር ጓል አንስታ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ይኸው፣ ጋሽ ወዬሳ፣ እርስዎም ይጫኑት።»

ጋሽ ወዬሳ ተጫኑት። ሰፊ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ አውራ ጣታቸው እምብዛም አልገባም።

«ይኼ ሰው ነክቶት የማያውቅ ቀይ አፈር ነው» አለች። «አሁን ደግሞ ከአጥሩ ሥር የወጣውን ይሞክሩ።»

ይህኛው ጣታቸውን ያለ ምንም ችግር ዋጠው። ድሮ እዚያ ላይ የነበሩት የጭቃ ቤቶች ሲፈርሱ ጉድጓዳቸው የተሞላበት አፈር ነበር፤ የሸክላ ስባሪና የላስቲክ ቁራጭ ተደባልቆበታል።

«አያችሁ? አንዱ ቆሞ ይቆያል፤ አንዱ የቆመ ይመስላል።»

ሰዎቹ ተራ በተራ ጓሉን እየተቀባበሉ ተጫኑት፤ ጣቱ የገባለት እንደ ጎል አስቆጣሪ ተጨበጨበለት። ሲሃም ከአንደኛው ፎቅ ላይ ሆና ይህን ታይ ነበር። ይህን የጣት ፈተና እሷም ሁልጊዜ ታደርገው ነበር። ብቻዋን፣ ጀርባዋን ሰጥታ ታደርገው ነበር። ለማንም ጓል አቀብላ አታውቅም፤ ጋሽ ወዬሳም በእሷ ዘመን ምን እንደምታደርግ ጠይቀዋት አያውቁም። ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሳ ስታየው፣ ይህ ሳትጠየቅ መቅረቷ አሁን እንደ በደል ተሰማት።

የባሰው ግን ዕቅዱ መለወጡ ነበር። ሲሃም ያሰበችው ቦዩን ከአጥሩ አርቆ ወደ ግቢው መሀል በመሳብ ሁለቱንም ግድግዳ በተዳፋት መቁረጥ ነበር፤ አንድ ሜትር በወረዱ ቁጥር አንድ ሜትር ወደ ኋላ ማጋደም። እንዲህ የተጋደመ ቀይ አፈር እንጨት አያስፈልገውም፤ ራሱን ይሸከማል። ነገር ግን ሦስት ሜትር በግራ፣ ሦስት ሜትር በቀኝ ሲወሰድ ገልባጭ መኪናዎቹ የሚገቡበት መንገድ ያልቃል። ሄቨን መስመሩን በአጥሩ በኩል አስቀርታ ግድግዳውን በድጋፍ ማቆምን መረጠች፤ ግራና ቀኝ ጣውላ በቁሙ ይደረደራል፣ በጣውላው ላይ ሞራሌ የሚባለው ወፍራም እንጨት በአግድም ይታሰራል፣ በሁለቱ ሞራሌዎች መካከል ፑንቴሎ፣ የድጋፍ ምሰሶ፣ እየተወጠረ ግድግዳዎቹን እርስ በርስ ያስደግፋቸዋል። ሲገጠም ከላይ ወደ ታች፣ ሲነሣ ከታች ወደ ላይ፤ ሰው ምንጊዜም በተደገፈው ውስጥ እንጂ ከእሱ ውጪ አይቆምም። ቦዩ ጠበበ፤ መንገዱ ተረፈ።

«ጥሩ ነው» አለ ኢብራር። ኢብራር «ጥሩ ነው» የሚለው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሆነ ሲሃም ታውቃለች።

ሄቨን ግን በዚያ አላበቃችም። ወደ መንገዱ በሚወጣው የቦዩ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እዚህ ጋ ቦታ አለ። የሲሃም ተዳፋት እንዳለ ይቆይ፤ ከዚህ የተሻለ የለም» አለች።

ሲሃም ይህን ሰምታ አንገቷን በትሕትና ዝቅ አደረገች። ውስጧ ግን እንደ እሾህ ወጋት። ከሰው ሥራ ላይ አንድ ቁራሽ ቆርሶ «ይኼ ጥሩ ነው» ብሎ መመለስ፣ ከአፈረሰው ሰው ይልቅ ያስቀረው ሰው እንዴት እንደሚያዋርድ ያን ዕለት ተማረች።

ከዚያ ወዲያ ማለዳዋ ተቀየረ። ፌሮ ሲታሰር፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ ሲመታ እያየች ባለችበት ሁሉ ዓይኗ ወደ ታች ይሄድ ነበር። ሄቨን በቦዩ አፍ ርዝመት፣ ከዳሩ አንድ ሜትር ከምናምን ራቅ ብላ የኖራ መስመር አስምራለች። የተቆፈረው አፈር ከዚያ መስመር ወዲያ እንጂ ወዲህ አይከመርም፤ ጣውላም፣ የሲሚንቶ ከረጢትም፣ ባሬላም እንደዚያው። አፈር በቦይ ዳር ሲከመር ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እንደሚገፋ፣ ያልወደቀው ጓል እንኳ ተንከባልሎ ሰው ላይ እንደሚያርፍ ሲሃም ታውቃለች፤ ደንቡን እሷም ታስከብረው ነበር። በእሷ ዘመን ግን መስመር አልነበረም። «ራቅ አድርጉት» ትላለች፤ ራቅ ያደርጉታል። አሁን ነጩ መስመር ከፎቅ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሷም በየቀኑ ታየዋለች፤ ከመስመሩ ወዲህ የተሻገረ አንድ ጓል፣ አንድ አካፋ አፈር ትፈልጋለች። አንድ ቀን አንድ ጓል ተንከባልሎ ኖራውን ሲነካ ልቧ ዘለለ። ጋሽ ወዬሳ በእግራቸው መለሱት።

«እዚያ ታች ምን ጠፋብሽ?» አላት አናጢው መሸሻ አንድ ቀን። መሸሻ የሶሌታውን ቅርጽ የሚመታው ቡድን አለቃ ነው፤ ምላሱ ከመዶሻው ይፈጥናል።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ጥሩ። ምንምን የሚያዩ ሰዎች ግን ከፎቅ ይወድቃሉ።»

ሲሃም ወደ ፌሮው ዞረች።

ጋሽ ወዬሳ ከእሷ ጋር በነበሩ ጊዜ «ኢንጂነር» ይሏት ነበር። ሄቨንን ከሳምንት በኋላ «ልጄ» ማለት ጀመሩ። ከሁሉ ነገር በላይ ይህቺ ቃል ናት ሲሃም ቤቷ ገብታ እንኳ ልትረሳት ያልቻለችው። ማዕረጓ እንደሚያስከብራት ታውቅ ነበር፤ ማዕረግ ደግሞ ሰውን በአንድ ክንድ ርቀት እንደሚያቆም አሁን ገባት።

ሶሌታው ሰኞ ሊሞላ ታስቦ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ስትመለስ መሸሻ ከደረጃው ሥር ጠበቃት።

«ኢንጂነር፣ ፑንቴሎ አጥሮናል። በራሴ ደግፌ ልቁምልሽ እንዴ?»

«ብዙ ይጎድላል?»

«ዳርና ዳሩ ነው እንጂ መሀሉ ተደግፏል። ጥቂት ብናገኝ ይበቃናል።»

በዚህ ሳይት የቆየ ልማድ አለ፤ ፑንቴሎ ባለቤት የለውም። ሊሞላ የተቃረበ ሶሌታ ካለ እንጨት ከተገኘበት ይነሣል፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም፤ ከሙሌቱ በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል ወይም አይመለስም። ሲሃም ልማዱን በደንብ ታውቀዋለች፤ ቁፋሮው የእሷ በነበረ ጊዜ በዚሁ ልማድ የተነሣ ሁለት ጊዜ ተጣልታበታለች።

ወደ ታች አየች። ያን ዕለት ከሰዓት ኤክስካቫተሩ የቦዩን ቀጣይ ክፍል ቆፍሮ ወጥቷል። ገና ያልተደገፈ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በአጥሩ በኩል ያ የተሞላ አፈር ያለበት ክፍል ነው። ከአጠገቡ፣ ከኖራው መስመር ማዶ፣ ነገ ጠዋት የሚገጠምለት ጣውላና ፑንቴሎ በሥርዓት ተደርድሯል። ሄቨን ቀኑን ሙሉ ያንን ስታስመርጥ፣ የተጣመመውን ስታስወግድ፣ በተመረጠው ላይ በኖራ ምልክት ስታደርግ ነበር። ከምዕራብ በኩል፣ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ ደመናው ጠቁሯል።

«ከቦዩ አጠገብ ያለውን ውሰድ» አለች።

መሸሻ ዘወር ብሎ አየ። «ያ የሄቨን ነው እኮ።»

«የሄቨን የሚባል ፑንቴሎ አለ እንዴ?»

«እሱስ የለም።» ራሱን አከከ። «ምን ያህሉን ላንሣ?»

«ሁሉንም።»

መሸሻ ቀልድ የሚፈልግ መሰለ፤ ሳያገኝ ሄደ። ሄቨን በዚያ ሰዓት ለቱቦው ጉዳይ ወጥታ ነበር፤ ተመልሳ አልመጣችም። ሲሃም ያደረገችውን በልቧ ስትመዝነው ክብደት አላገኘችበትም። ያለ ድጋፍ ማንም አይወርድም፤ ሄቨን ደንብ አክባሪ ናት፣ አታስገባም። የሚሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ሥራው ይቆማል፤ ኢብራር ለምን እንደቆመ ይጠይቃል፤ ሄቨንም መልስ ታጣለች። ከዚያ የዘለለ ክፉ ነገር አላሰበችም። ሌሊቱን በቤቷ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው።

ቅዳሜ ማለዳ ደርሳ ወደ ፎቁ ስትወጣ ጋሽ ወዬሳ ስልክ ይዘው ቆመው ነበር።

«እሺ ልጄ። እሺ። ሳትመጪ ማንም አይወርድም። ገባኝ።» ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ማታ እንጨቱ የለም ብዬ ብነግራት፣ ፑንቴሎ ፍለጋ ጦር ኃይሎች ነኝ ትላለች። እንጨታችንን ጅብ በልቶታል።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሲሃም አልፋቸው ወጣች። በደረቷ ውስጥ አንድ ጣፋጭ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ለረጅም ጊዜ ያልቀመሰችው ነገር ነበር። ሄቨን ዛሬ በጦር ኃይሎች ግርግር ውስጥ ከታክሲና ከጋሪ ጋር እየተጋፋች እንጨት ትለምናለች። ትለምን።

ፌሮውን እያየች፣ ከመሸሻ ጋር የቅርጹን ልክ እያረጋገጠች ጥቂት ቆየች። ከዚያ ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ ታች ሄደ።

የኖራው መስመር የለም።

ባልተደገፈው ክፍል ርዝመት፣ በአጥሩ በኩል፣ በቦዩ አፍ ላይ እስከ ሰው ጉልበት የሚደርስ የአፈር ግድብ ተገድቧል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ትናንት ማምሻውን ዝናቡ ሲጀምር ቆፋሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ ብለው የተቆፈረውን አፈር አካፋ በአካፋ ዳሩ ላይ ከምረውታል። ክረምት በገባ ቁጥር የቀራንዮ ቆፋሪ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ቤቱን ከጎርፍ የሚከላከለውም እንዲሁ ነው። ለቤት ይሠራል። ለቦይ ግን ጎርፉን የሚያስቀይሰው ትንሽ ፈሰስ ከላይ፣ ከዳሩ ርቆ መቆፈር አለበት፤ እዚያው ዳሩ ላይ የተገደበ አፈር ግን ውሃውን አቁሮ በግድግዳው ጀርባ ያሰርገዋል፤ በላዩም ላይ ይከብድበታል።

ደስታዋ ያልጠበቀችው ነበር። ስንት ማለዳ አንድ ጓል ስትፈልግ ኖራ፣ አሁን ሙሉ መስመሩ ተቀብሯል። ስልኳን አወጣች፤ ግድቡን አቅርባ ፎቶ አነሣችው። «የኖራው መስመር የት ገባ?» ብላ ጻፈችና ለኢብራር ላከችው። ከዚያ ያነሣችውን ፎቶ ራሷ ለማየት ከፈተችው፤ ለማጣጣም ነበር። በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

በግድቡና በአጥሩ መካከል የአጥር ጥላ የመሰላት ጥቁር መስመር ጥላ አልነበረም። ከቦዩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ በውስጡ ውሃ ያብረቀርቃል። ከግድቡ ሥር ደግሞ፣ በፎቶው ጥግ ላይ፣ ቢጫ ሄልሜት አለ።

ፎቶውን ከማንሣቷ በፊት አይታው ነበርን? ይህን ጥያቄ በኋላም በእርግጠኝነት መመለስ አልቻለችም።

ጮኸች። የፌሮ መቁረጫው ድምፅዋን ዋጠው። በእንጨቱ መወጣጫ ሮጣ ወረደች። በአጥሩ በኩል መቅረብ ስንጥቁን መርገጥ ስለሆነ፣ ዞራ በተዳፋቱ ጫፍ በኩል መጣች። ጋሽ ወዬሳ ከሁለት ሰዎች ጋር ባልተደገፈው ክፍል ውስጥ ቆመው ሌሊት የተጠራቀመውን ውሃ በባልዲ ይቀዳሉ።

«ጋሽ ወዬሳ፣ ይውጡ።»

«ውሃዋን ብቻ ነው የምናወጣው። እሷ ስትመጣ ደረቅ ይጠብቃት ብለን ነው።»

«አሁን ይውጡ። ላይኛው መሬት ተሰንጥቋል።»

ጋሽ ወዬሳ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ረጋ ያለ ነበር። ፈገግ አሉ።

«ኢንጂነር፣ አንቺ ወደ ሶሌታሽ፣ እኛ ወደ ጭቃችን። አለቃችን ተቀይራለች፤ አልነገሩሽም?»

ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋታ ነበር። ሲሃም በቦዩ አፍ ቆማ፣ ያቺ የጠዋት ቃሏ በአፏ ውስጥ ምን ያህል ባዶ እንደሆነች ተሰማት። ከግድቡ ላይ አንድ ጓል ተለቀቀና በባልዲው አጠገብ ጭቃው ውስጥ ጠብ አለ። ሌላ ቃል መፈለግ ነበረባት፤ የቀረላት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ያን ቃል ከማውጣት ምላሷን መንከስ ይቀላት ነበር።

«ሄቨን ደውላለች» አለች። «ውጡ ብላለች።»

ሳቁ ቆመ።

«ደወለች?»

«ውስጥ መሆናችሁን ሰምታለች። ደርሼ እዚያ እንዳላገኛችሁ ብላለች።»

ጋሽ ወዬሳ፣ ስንት ቦይ ቆፍረው የሸበቱት ሰው፣ አስተማሪ እንደደረሰባቸው ተማሪ ደነገጡ። «ውጡ፣ ውጡ» አሉ ሰዎቻቸውን። መሰላሉ በተደገፈው ክፍል ውስጥ ነው፤ አንዱ ፈጥኖ ወደዚያ አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለው። ጋሽ ወዬሳ ለባልዲው ጎንበስ አሉ።

«ባልዲውን ይተዉት፣ ጋሽ ወዬሳ።»

ተዉት። በጣውላዎቹ መካከል ገብተው የመሰላሉን ሁለተኛ እርከን እንደረገጡ የአጥሩ በኩል ግድግዳ ወረደ። ትልቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ከባድ ከረጢት መሬት ላይ ሲቀመጥ ያለ ድምፅ ነበር። አንድ ሙሉ ገጽ ግድቡን እንደተሸከመ ተንሸራቶ ያንን ክፍል ከግማሽ በላይ ሞላው። ቆርቆሮው አጥር ወደ ውስጥ ተንጋደደ። የተደገፈው ክፍል እንጨቱ አንዴ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ባልዲው የለም።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ጋሽ ወዬሳ ከኖራው መስመር ማዶ በአፈር ክምር ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ከተቱ።

«እግዜር ይስጣት» አሉ። «እንኳን ደወለች።»

ሰዎቹ አሜን አሉ። ሲሃም አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሦስት ሰዎች በሕይወት መቆማቸውን እያየች፣ ያቺ ምርቃት በሌላ ሰው ስም ስታልፍ አሁንም ወጋት። በዚህ ሰዓት እንኳ መቅናቷ ራሷን አስደነገጣት፤ ቅናቱ ግን በድንጋጤው አልቀነሰም።

ሄቨን እንጨት በተጫነባት ፒክአፕ ደረሰች። ከመኪናው ወርዳ የተንጋደደውን አጥር አየች፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየች ቆጠረች። ጋሽ ወዬሳ ተነሡ።

«ልጄ፣ ያንቺ ስልክ አተረፈን።»

«የቱ ስልክ?»

«ውጡ ብለሽ የደወልሽው።»

«እኔ የደወልኩት ጠዋት ነው፣ አትግቡ ብዬ።» ሄቨን ዞረች። ሲሃምን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ኢብራር ስልኩን በእጁ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ከቦዩ ዙሪያ ሰው ሁሉ እንዲርቅ፣ በተንጋደደው አጥር በኩል ገመድ እንዲታሰር፣ የወረደውንም አፈር ኤክስካቫተሩ ከሩቅ ሆኖ እንዲያነሣ እንጂ አንድም ሰው አካፋ ይዞ እንዳይወርድ አዘዘ። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች ወደ ቆርቆሮው ቢሮ ደጃፍ ጠራቸው።

«እንጨቱ ሳይገጠም ተቆፍሮ ለምን አደረ?» አላት ሄቨንን።

«ጠዋት ሊገጠም ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ልክ ነህ፤ ማደር አልነበረበትም። ዝናቡን ሳየው ቶሎ ተመልሼ ማስገጠም ነበረብኝ፤ ካልሆነም መልሼ ማስሞላት።» ቀጥላም፣ «አሁን ስገባ ፎቅ ላይ ካለው እንጨት ውስጥ ምልክት ያደረግኩበት አይቻለሁ» አለች። ማን እንዳነሣው አልተናገረችም።

ኢብራር ስልኩን ወደ ሲሃም አዞረው። ፎቶው ላይ በሁለት ጣቱ አሰፋው፤ እሷ ባሰፋችው ቦታ ላይ።

«ይኼ ሄልሜት የማን ነው?»

«የጋሽ ወዬሳ።»

«ስትልኪልኝ ውስጥ ነበሩ።»

«ነበሩ።»

ከግቢው ማዶ የኤክስካቫተሩ ሞተር ተነሣ። ሲሃም ድምፁ እስኪረጋ ጠበቀች፤ መናገር የፈለገችው ሳይደገም እንዲሰማ ነበር።

«ፑንቴሎውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለሶሌታው ጥቂት ያስፈልገኝ ነበር። ሁሉም አያስፈልገኝም ነበር።»

ሄቨን መሬት መሬት አየች። ኢብራር ሻይ የለውም፤ የሚያማስለው ነገር አጥቶ ስልኩን አገላበጠ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ሶሌታው ሰኞ አይሞላም» አለ። «እንጨቱ ዛሬውኑ ወደ ቦዩ ይመለሳል። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቦዩን ሁለታችሁም ታዩታላችሁ። ሰው ለማስወጣት የአንዳችሁ ቃል ይበቃል፤ ለማስገባት ግን የሁለታችሁም ቃል መሰማት አለበት።»